ተቀንሶ የታተመ የኤ2 ፖስተር በድጋሚ እንዲታተምልን ስለመጠየቅ

ለማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ከላይና ከታች ነጭ ጠርዝ ስለወጣባቸው 150 ፖስተሮች

ከእናንተ ያሳተምናቸውን 150 የኤ2 ፖስተሮች የተረከብነው ከላይና ከታች ነጭ መስመር ወጥቶባቸው ነው። ምክንያቱን ስንጠይቅ «ፋይላችሁ ብሊድ የለውም» ተባልን። መልሱ ልክ አለመሆኑ ከፖስተሩ ላይ ይታያል።

ፖስተሩ ሲቆረጥ 420 በ594 ሚሊሜትር እንዲሆን ነው የተሠራው። ሰማያዊው ባክግራውንድ እናንተ በጠየቃችሁት መሠረት በአራቱም ጎን ከመቁረጫው መስመር 3 ሚሊሜትር አልፏል፤ ጽሑፍና ሎጎ ደግሞ ከመስመሩ 10 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገብተዋል። ፒዲኤፉን ስናወጣ Use Document Bleed Settings የሚለውን መርጠናል። ስለዚህ ፋይሉን አክሮባት ላይ ብትከፍቱት የገጹ መጠን 426 በ600 ሚሊሜትር ነው። ብሊድ ባይኖረው 420 በ594 ይል ነበር።

ስህተቱ የመጣው በሚታተምበት ጊዜ ነው። ብሊዱን የያዘው ገጽ በተቆረጠ የኤ2 ወረቀት ላይ በ Fit ታትሟል። ወርዱ ከ426 ወደ 420 እንዲገባ ሥራው በሙሉ ወደ 98.6 በመቶ ተቀነሰ፤ ቁመቱም አብሮ ከ600 ወደ 591.5 ወረደ። ወረቀቱ ግን 594 ስለሆነ የተረፈው 2.5 ሚሊሜትር ለሁለት ተከፍሎ ከላይም ከታችም 1.25 ሚሊሜትር ነጭ ሆነ።

የብሊድ ጉድለት እንዲህ አይታይም። ወረቀቱ መቁረጫው ላይ ትንሽ ሲሸሽ ነጩ በአንድ ጎን ይወጣል፣ ስፋቱም ከቅጂ ቅጂ ይለያያል። እኛ ጋ ያለው በሁሉም ቅጂ ከላይና ከታች እኩል ነው፤ በግራና በቀኝ የለም። አሁንም ከተጠራጠራችሁ ከታች ያለውን የሎጎ ሳጥን በማስመሪያ ለኩት። ፋይሉ ላይ ወርዱ 200 ሚሊሜትር ነው፤ ወረቀቱ ላይ 197 ገደማ ነው። ቁርጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳጥኑ ባልጠበበ።

«ነጩን እንቁረጥላችሁ» የሚለውን ሐሳብ አልተቀበልነውም። ፖስተሮቹ የሚገቡት ለኤ2 በተሠራ የመስታወት ፍሬም ውስጥ ነው፤ 591.5 የሆነ ወረቀት ደግሞ ክፍተት ይተዋል። የተቀነሰውም ሥራ እንደተቀነሰ ይቀራል።

ስለዚህ 150ውም ያለ ተጨማሪ ክፍያ በድጋሚ እንዲታተሙልን እንጠይቃለን። ወረቀቱ 450 በ640 የሆነው ኤስአርኤ2 ይሁን፣ ህትመቱ በ Actual size ይሁን፣ ከዚያም በመቁረጫው መስመር ላይ 420 በ594 ሆኖ ይቆረጥ። የቀሩት ከመታተማቸው በፊት አንድ ቅጂ አውጥታችሁ አሳዩን፤ ሳጥኑን አብረን እንለካውና 200 ከሆነ ሥራው ይቀጥል።

ከሰላምታ ጋር
የፖስተሩ አዘጋጅ ክፍል