«ተፈትቷል» ተብሎ ስለተዘጋው የቴሌቪዥኔ ችግር የቀረበ ቅሬታ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ፣

የቴሌቪዥኑ ሞዴል፣ መለያ ቁጥሩና እስካሁን የተጻጻፍነው ሁሉ በእጃችሁ ነው። ስለዚህ ከሥሩ አልጀምርም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ትናንት የደረሰኝ አጭር መልእክት ነው። «ጥያቄዎ ተፈትቶ ተዘግቷል» ይላል። ማን ፈታው? መቼ? እስከ ዓርብ ይደውሉልሃል የተባሉት ኃላፊ እኮ እስካሁን አልደወሉም። ቴሌቪዥኑም ያው እንደነበረው ነው፤ የጨዋታ ኮንሶሌ Full በተባለው ምርጫ ሲልክለት የምስሉን ጨለማ ክፍል ድፍን ጥቁር አድርጎ ይውጠዋል።

ከቴክኒክ ክፍል ባለሙያችሁ ጋር የተነጋገርነውን ልንገራችሁ፤ የተቀዳ ከሆነም አድምጡት። ችግሬን ተናግሬ ሳልጨርስ፣ «ኮንሶሉ ላይ RGB Range የሚለውን ወደ Full ይቀይሩት። Full ሁልጊዜ ይሻላል፣ ቀለሙ ይበዛል» አሉኝ። ቀድሞ Limited ላይ አድርጌው ምስሉ ደህና እንደነበር ነገርኳቸው። «ይቀይሩት» አሉ በድጋሚ። እሳቸው ስልክ ላይ እያሉ ቀየርኩት። ጨዋታው ዋሻ ውስጥ ነበር። ከደቂቃ በፊት የሚታየው የዋሻው ግድግዳ ጠፋ። የገጸ ባሕርዩ ጥቁር ካፖርት እጥፋቱም ኪሱም ሳይለይ አንድ ጥቁር ነገር ሆነ። ይህን ስነግራቸው፣ «ጨዋታው ራሱ ጨለማ ነው» አሉኝ።

አይደለም። ያንኑ ቦታ አሁን በ Limited አይቼዋለሁ አልኳቸው። «እንግዲያው ብርሃኑን ይጨምሩ» አሉ። ጨመርኩ። ግድግዳው አልተመለሰም፤ ጥቁሩ ብቻ አመድ መሰለ። ከዚያ፣ «ዓይንዎ ለምዶት ይሆናል፣ ሌላ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው» ብለው ንግግሩን ሊዘጉ ሲሉ ነው ኃላፊ ይደውልልኝ ብዬ የለመንኩት። ቃል የተገባልኝም ያኔ ነው።

ዓይኔ አልለመደም። የሆነው ይህ ነው። ኮንሶሉ የእያንዳንዱን ነጥብ የብርሃን መጠን በቁጥር ነው የሚልከው፤ በ Full ሲልክ ድፍን ጥቁር 0፣ ሙሉ ነጭ 255 ነው። በ Limited ሲልክ ጥቁር 16 ላይ ይጀምራል፣ ነጭ 235 ላይ ያበቃል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ላኪውና ተቀባዩ ከተስማሙ። የእኔ ኮንሶል በ Full ሲልክ ግን ቴሌቪዥናችሁ Limited እንደመጣለት አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ ከ16 በታች ያለውን ሁሉ አንድ ድፍን ጥቁር ያደርገዋል። የዋሻው ግድግዳ እዚያ ውስጥ ነው የቀረው። ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለውም ይጨልማል፤ ለምሳሌ 40 የነበረው 28 አካባቢ ይሆናል። ከላይ በኩልም ከ235 በላይ ያለው የደመና ዝርዝር ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቴሌቪዥኑ አንዴ የቆረጠውን ዝርዝር፣ ብርሃን በመጨመር መመለስ አይቻልም።

መሐሉ ላይ ያለው ቀለም ግን ብዙም አይነካም። 128 የነበረው 130 ገደማ ነው የሚሆነው። ለዚህ ነው ከዚህ በፊት የዋናውን ሜኑ ፎቶ አስልካችሁኝ «ጤነኛ ነው» ያላችሁኝ። ሜኑው ብሩህ ነው፤ ችግሩ እዚያ አይታይም። የቁጥር መስመሮች ያሉበትን የጥቁር መፈተሻ ምስል ልኬላችሁ ነበር። በእሱ ላይ ከ1 እስከ 16 ያሉት መስመሮች አንድ ላይ ተዋህደዋል፣ 17ኛው ብቻ በጭንቅ ይታያል። ያንን ፎቶ የከፈተው ሰው ያለ አይመስለኝም።

የላካችሁት ቴክኒሺያንም የኤችዲኤምአይ ገመዱን ቀየረ። ገመድ ሲበላሽ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ነጠብጣብ ያወጣል ወይም ጭራሽ ይጠፋል እንጂ ጥቁሩን ብቻ መርጦ አይውጥም። ቀጥሎ ደግሞ ስክሪኑ ይቀየር አለ። የቴሌቪዥኑ የራሱ አፕ ላይ ያለ ጨለማ ፊልም ጥርት ብሎ እየታየ ስክሪኑ ምን አደረገ? ኤችዲአር ያላቸው ጨዋታዎችም ደህና ናቸው። ኮንሶሌ እነሱን በአርጂቢ ሳይሆን በሌላ የቀለም አሠራር ነው የሚልካቸው፤ የ RGB Range ምርጫ አይመለከታቸውም። ይህን ሁሉ ቆሞ እያየ ነው ስክሪን ይቀየር ያለው።

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ከመጨረሻው የሶፍትዌር ማሻሻያ በፊት ቴሌቪዥኑ ላይ HDMI Black Level የሚል ምርጫ ነበር። Low ሲሆን Limitedን፣ Normal ሲሆን Fullን ይጠብቃል። Normal ላይ አድርጌው ያለ ምንም ችግር ስጠቀም ነበር። ከማሻሻያው በኋላ ያ መስመር ደብዝዞ Auto ላይ ተቆልፏል። Auto ኮንሶሉ ከምስሉ ጋር የሚልከውን ምልክት አንብቦ ራሱ መምረጥ ነበረበት፤ እያነበበ አይደለም። ይባስ ብሎ ኮንሶሉን Automatic ላይ ሳደርገውም ምስሉ ልክ እንደ Full ይጨልማል። ይህ ማለት ቴሌቪዥናችሁ ለኮንሶሉ «Full እቀበላለሁ» ብሎ ያስታውቃል፣ ሲመጣለት ግን እንደ Limited ያነበዋል። ያንኑ ኮንሶል በ Full እንዳለ ሌላ ስክሪን ላይ ሰክቼ አይቼዋለሁ፤ ግድግዳው ይታያል።

«በ Limited ይጠቀሙ፣ አለቀ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ለኮንሶሉ እያደረግሁ ያለሁት እሱን ነው፣ ምስሉም ደህና ነው። ፊልሞችም የሚዘጋጁት ከ16 እስከ 235 ባለው ነው፤ ስለዚህ Full «ቀለሙ ይበዛል» የተባለው ልክ አይደለም። ግን እዚያው ቴሌቪዥን ላይ የምሰካው ኮምፒውተሬ የሚልከው Full ብቻ ነው። እሱን ምን ላድርገው? ደግሞስ ስገዛው የነበረ፣ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ የተጻፈ ምርጫ ሳልጠየቅ ለምን ይዘጋብኛል?

አሁን የምፈልገውን በግልጽ ልጻፍ። የተዘጋው ጥያቄዬ ዛሬውኑ ይከፈት። ቃል የገቡልኝ ኃላፊ ራሳቸው ይደውሉ፤ ከመደወላቸው በፊትም የመፈተሻውን ፎቶ ይዩት። የ HDMI Black Level ምርጫ መቼ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይነገረኝ። ስልክ የሚያነሱ ሠራተኞቻችሁም ለማንም ሰው «Full ሁልጊዜ ይሻላል» ማለታቸውን ያቁሙ። ዛሬ የእኔ ጥቁር ተዋጠ። ነገ ደግሞ ኮንሶሉ Limited፣ ቴሌቪዥኑ Full የሆነበት ሰው ይደውላል። የእሱ ምስል ደግሞ ተቃራኒው ነው የሚሆነው፤ ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩ የደበዘዘ፣ በላዩ ላይ ጉም የወረደበት ይመስላል። እሱንስ ብርሃኑን ቀንሱ ልትሉት ነው?

መጀመሪያ ያሰብኩት ማብራሪያ ብቻ ልጠይቅ ነበር። «ተፈትቷል» የሚለው መልእክት ሲመጣ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ምርጫው ካልተመለሰ ወይም የሚመለስበት ቀን ካልተነገረኝ፣ ዋስትናው ገና አላለፈምና ቴሌቪዥኑን ተረክባችሁ ገንዘቤን እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። እንቢ ካላችሁ ለሸማቾች ጥበቃ አቤት እላለሁ፤ የመፈተሻውን ፎቶና ትናንት የላካችሁልኝን መልእክት አያይዤ።

ከአክብሮት ጋር፣
መልሳችሁን የሚጠብቅ ደንበኛችሁ