ጅዳ ላለሽው ጓደኛዬ

ሰላም ነሽ ውዴ? ጠፋሁብሽ አይደል። አገር ከገባሁ ስምንት ወሬ፣ ልደውልልሽ ብዬ ስንቴ ስልኩን አንስቼ ተውኩት፣ አፍሬ ነው። አንድ ክፍል ተኝተን ልጄን እንዴት እንደማቅፈው ሳወራሽ ነበር የምናድረው፣ የጠበቀኝ ግን ሌላ ነው።

ሐይቅ ስደርስ ልጄ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተደበቀ። በሁለት አመቱ ትቼው ሄጄ ሰባት ሞልቶታል፣ እሷን እማ ይላታል፣ እኔን በስሜ ይጠራኛል። ይለምደኛል ብዬ በሳምንቱ ኮምቦልቻ ቤት ተከራይቼ ይዤው ሄድኩ። ምግብ እምቢ አለ፣ ድሮ የተወውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ጀመረ፣ ማታ ማታ በሩ ስር ሄዶ ይቀመጣል። በአስራ አንደኛው ቀን መለስኩት። አሁን እኔም እዛው እናቴ ቤት ነኝ፣ እሷ ታጥበዋለች እኔ አለብሰዋለሁ፣ ትምህርት ቤትም እኔ አደርሰዋለሁ፣ ባለፈው ሳምንት ጫማዬን እሰሪልኝ ብሎ እግሩን ዘረጋልኝ፣ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

እናቴን ግን ብታያት። ጉልበቷ አልቋል፣ ግፊት እንዳለባት ሁለት አመት ደብቃኛለች፣ "ሰው ቤት ሆነሽ ምን ልታደርጊ" ትላለች። እኔም ያልተከፈለኝን የአራት ወር ደሞዝ ደብቄያት ነበር፣ ሁለታችንም ደህና ነን እየተባባልን። አንድ ቀን ልጁ ሲያጠፋ ለምን አትቆጪውም ስላት "አንቺን የገረፍኩሽ ልጄ ስለሆንሽ ነው፣ ይሄ አደራ ነው" አለችኝ። ማንበብ ስለማትችል የቤት ስራውን የጎረቤት ልጅ ነበረች የምታሰራው፣ ያ ሁሉ ሲሆን እኔ በስልክ "አጥና በለው" ብቻ ነበር የማውቀው።

ይሄን የምጽፍልሽ ልጅሽ እናትሽ ጋ ስላለች ነው። እንደኔ መዳም ስትተኛ ማታ አምስት ሰአት ላይ አትደውይ፣ ሰአቱ እዛም እዚህም አንድ ነው፣ ከእንቅልፏ ተቀስቅሳ "እናትሽን አናግሪ" የምትባል ልጅ ስልክሽን ትጠላዋለች። ቀን ላይ አጭር ቮይስ ላኪላት፣ የበላሽውን፣ ያየሽውን ድመት ንገሪያት፣ ስትፈልግ ደጋግማ ትስማው። ሌላው፣ ብርሽን በራስሽ ደብተር እያስገባሽ ከሆነ ለእናትሽ ውክልና ስጫት፣ የኔ እናት ልጁ ታሞ አልጋ ሲይዝ ብሬ ባንክ ተቀምጦ ከሱቅ ተበድራለች። ቆንስላው ሄደሽ ትፈርሚያለሽ፣ ወረቀቱ እዚህ ሲደርስ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ከዛ ሰነዶች ማረጋገጫ መሄድ አለበት፣ እናትሽ አትንከራተት ወንድምሽ ይጨርሰው። ስትደውይም እናትሽን ስለ ልጅሽ ብቻ አትጠይቂያት፣ መድሀኒትሽን ወሰድሽ ወይ በያት።

እናቴ አሁንም ልጁ ከኔ ጋር ከተኛ በኋላ ሌሊት ተነስታ መጥታ ብርድ ልብሱን ታስተካክላለች፣ እኔ የተኛሁ መስዬ ዝም እላለሁ።

ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ገባች? ጻፊልኝ እሺ።