ኃይል ሳያቋርጥ ሽቦ የነካ ሠልጣኝ ማለፍ የለበትም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

የኤሌክትሪክ ዝርጋታ አሠልጣኝ ነኝ፤ የተግባር ፈተና ነጥብ አሰጣጣችን እጅግ ያሳስበኛል። አንድ ሠልጣኝ ሽቦውን በንጽሕና ዘርግቶ፣ ማከፋፈያ ሳጥኑን በሥርዓት አገናኝቶ በሰዓቱ ጨረሰ እንበል። ነገር ግን ኃይሉን ሳያቋርጥ፣ መስመሩ ኃይል አልባ መሆኑንም በመለኪያ ሳያረጋግጥ ሽቦ ነካ። ለደኅንነት ከተመደበው 15 ነጥብ ዜሮ ቢያገኝ እንኳ ከቀሪው 85 ውስጥ 80 ይዞ ያልፋል። ነገ የሰው ቤት ገብቶ 220 ቮልት ላይ ሲሠራ ግን የዝርጋታው ውበት ከሞት አያድነውም።

ስለዚህ ነጥብ መቀነስ አይበቃም። ማለፊያው 50 ከሆነ፣ እንዲህ ያጠፋ ሰው ድምሩ ምንም ይሁን ምን ከ40 አይለፍ። የሌሎቹ ክፍሎች ውጤት ግን ተመዝግቦ ይቆይ፤ ዳግም ሲሠለጥን የጎደለው የቱ እንደሆነ ይታወቃል።

ገደቡ የፈታኝ ቁጣ መወጫ እንዳይሆን ደግሞ ለገደብ የሚዳርጉት ጥፋቶች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሆነው ከፈተናው በፊት ይነገሩ። «ጥንቃቄ ይጎድለዋል» የሚል አስተያየት ማንንም አይጣል። «መለኪያውን ሳይጠቀም ነካ» የሚለውን ግን ሁለት ፈታኞች ለየብቻቸው አይተው ሊመዘግቡት ይችላሉ። በሳጥኑ ላይ የመስመሮቹን ስም መጻፍ የረሳ ሰው ነጥብ ይቀነስበት እንጂ አይገደብ።

አሠልጣኝ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ