ስምንቱን ኮለን አፍርሰን መልሰን እንድንሞላ እርዱን፦ ከትምህርት ቤታችን ግንባታ ኮሚቴ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልን። ሐይቅና ዙሪያዋ ያላችሁም፣ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁም፣ አዲስ አበባም አረብ አገርም ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልን።

በቅሬ መዋጮና እናንተ በላካችሁት ገንዘብ የምንሠራው ባለ አንድ ፎቅ የመማሪያ ክፍል ሥራው ቆሟል። ያቆምነውም እኛው ነን። የምድር ቤቱ 14 ኮለኖች ቆመዋል፣ ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱ ግን የተባለውን ጥንካሬ አላመጡም። ኮለኖቹ የሚሸከሙት ሶሌታ ገና ስላልተሞላ አብሽሩ፣ ጊዜው አላለፈም። ግን ማፍረስ አለብን፣ ለማፍረስና መልሶ ለመሙላት ደግሞ የእናንተ እጅ ያስፈልገናል። ገንዘባችሁ የገባበት ሥራ ስለሆነ የሳይት መሐንዲሱ የጻፈው ሪፖርት ምን እንደሚል በተራ ቋንቋ ልንገራችሁ።

ዲዛይኑ ለኮለኖቹ የጠየቀው ሲ-25 ኮንክሪት ነው። ከሚሞላው ኮንክሪት ላይ ተወስዶ በየጎኑ 15 ሳንቲሜትር የሆነ ኪዩብ ይሠራል፣ ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ በ28ኛው ቀን በማሽን ሲጨመቅ ቢያንስ 25 ሜጋፓስካል መሸከም አለበት ማለት ነው። ስምንቱ ኮለኖች በተሞሉበት ቀን ስድስት ኪዩብ ተወስዶ ነበር። ሦስቱ በ7ኛው ቀን ኮምቦልቻ ተወስደው ተጨመቁና አማካያቸው 12.1 ሆነ። በዚህ ዕድሜ ከ16 እስከ 17 አካባቢ ይጠበቅ ነበር። መሐንዲሱ የዚያኑ ዕለት የቢምና የሶሌታው ሥራ እንዲቆም በጽሑፍ አዘዘ። ስለዚህ ትእዛዝ ብዙ ሰው አጉረምርሟል፣ ይህን የምጽፍላችሁ እኔ ግን ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ሶሌታው ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ አሁን የምንለምናችሁ የዚህን ብዙ እጥፍ ነበር።

የቀሩት ሦስት ኪዩቦች በ28ኛው ቀን 18.2፣ 17.6 እና 19.1 ሰጡ። አማካያቸው 18.3 ነው፣ ከሚፈለገው 73 በመቶ ብቻ። ቀደም ብለው በሌላ ቀን የተሞሉት ስድስት ኮለኖች ግን 26 አምጥተዋል፣ እነሱ አይነኩም።

«ኪዩቡ ይሆናላ የተበላሸው፣ ኮለኑ ምን አለበት?» ብለው የጠየቁ አባቶች አሉ። ጥያቄው ትክክል ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ ይፈጠራል። ኪዩቡ በደንብ ካልተጠቀጠቀ፣ ፀሐይ ላይ ከተጣለ ወይም ማሽኑ ላይ ሲቀመጥ በማንኪያ የተስተካከለው ሸካራ ፊቱ ወደ ላይ ከዞረ ውጤቱ ያለ ጥፋቱ ይወርዳል። መሐንዲሱ መጀመሪያ ያጣራው ይህንኑ ነው። ኪዩቦቹ ሲመዘኑ እያንዳንዳቸው 7.9 ኪሎ ገደማ ሆኑ፣ ይህም በደንብ የተጠቀጠቀ ኮንክሪት ክብደት ነው፣ ውስጡ ባዶ ቢሆን ኖሮ በሚዛን ይታወቅ ነበር። ሲሰበሩም አራቱ ጎኖች እኩል ተልጠው መሐሉ ቀጥኖ ቀረ፣ እንዲህ የሚሰበረው ጭነቱ በትክክል ሲያርፍበት ነው። ኪዩቡ አልዋሸም።

ቢሆንም በኪዩብ ብቻ ኮለን አይፈርስም። ከስምንቱ ከሦስቱ ላይ፣ ፌሮው የት እንዳለ በመሣሪያ ተፈልጎ፣ ብረቱ ሳይነካ ዲያሜትሩ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ናሙና ተቆርጦ ወጣ። ይህ ኮር ይባላል። ርዝመቱ ከዲያሜትሩ እኩል ተደርጎ ስለተቆረጠ ውጤቱ ከኪዩብ ጋር በቀጥታ ይነጻጸራል። በኮር ፍተሻ የሚሠራበት መመዘኛ የሦስቱ አማካይ ከሚፈለገው ከ85 በመቶ እንዳያንስ፣ አንዱም ለብቻው ከ75 በመቶ በታች እንዳይወርድ ነው። ለእኛ አማካዩ 21.25፣ ዝቅተኛው 18.75 መሆን ነበረበት። የመጣው 19.4፣ 18.1 እና 20.3 ነው፣ አማካዩ 19.3 ገደማ። በሁለቱም ወደቀ።

ኮሩ የወጣው ኮለኖቹ ሁለት ወር ሊሆናቸው ሲል ነው። ይህን የምለው «ሲሚንቶው ፒፒሲ ስለሆነ ቀስ እያለ ይጠነክራል፣ ጠብቁት» ለሚሉን ነው። ፒፒሲ እውነትም ኦፒሲ ከሚባለው ሲሚንቶ ይልቅ ዘግይቶ ይጠነክራል። ግን በሁለት ወሩም 19 ላይ ነው ያለው፣ ከዚህ በኋላ 25 ይደርሳል ብሎ ልጆችን ሥሩ ማስቀመጥ አይቻልም።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ከስድስቱ ወደ ስምንቱ ስንሸጋገር የተለወጠው ነገር አሸዋው ነበር። የመጀመሪያው አሸዋ አለቀና ክረምቱ እንደወጣ ከሌላ ወንዝ አስመጣን። ጎርፍ አዲስ ደለል ሲያወርድ አሸዋው ላይ ላዩን ጥሩ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ደቃቅ አፈር ይዟል። የአፈሩ መጠን ከ6 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከተረፈው ክምር ላይ ተወስዶ ሲለካ 11 በመቶ ወጣ።

አፈር በሁለት መንገድ ነው የሚጎዳው። አንደኛ የአሸዋውን ፍሬ ይለብሰዋል፣ ጭቃ የተቀባ ድንጋይ ላይ ሲሚንቶ እንደማይይዘው ማለት ነው። ሁለተኛውና እኛ ዘንድ የባሰው፣ ውሃ ይጠጣል። ሚክሰሩ ውስጥ ያለው ኮንክሪት ደረቅ ይመስላል፣ ባሬላ ላይ አልፈስ ይላል፣ ኮለን ውስጥ በፌሮው መሐል መውረድ ያስቸግራል። የቀን ሠራተኛው ምን ያደርጋል? ውሃ ይጨምራል። ማንም ሊያበላሽ ብሎ አላደረገውም፣ ግን ኮንክሪትን እንደ ትርፍ ውሃ የሚያደክመው ነገር የለም። ሲሚንቶው ያልተጠቀመበት ውሃ ሲደርቅ ቦታው ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ምን ያህል ውሃ እንደገባ የታወቀው ከሳይቱ መዝገብ ነው። በዚያ ቀን 22 ከረጢት ሲሚንቶ ወጪ ሆኗል። ባለ 200 ሊትር በርሜል ደግሞ የሚክሰር ማጠቢያው ተቀንሶ ወደ አራት ሊጠጋ ተቀድቷል፣ 770 ሊትር ገደማ። ለ22 ሲካፈል ለአንድ ከረጢት 35 ሊትር ይመጣል። መግባት የነበረበት 25 ነበር። አስር ሊትር ትርፍ፣ ማለትም ግማሽ ጀሪካን። በአንድ ከረጢት ላይ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፣ ከ25 ወደ 18 የወሰደን ግን በዋናነት እሱ ነው። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው ስላምፕ በኮኑ ቢለካ ኖሮ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቅ ነበር። ለዚያ ቀን የስላምፕ መዝገብ የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሁለት አማራጭ ቀርቦ ነበር። አንዱ ኮለኖቹን ዙሪያቸውን በአዲስ ፌሮና ኮንክሪት ማልበስ ነው። ሶሌታ ተሸክመው ቢሆን ኖሮ ሌላ ምርጫ አይኖረንም ነበር። አሁን ግን ምንም ጭነት የለባቸውም። ማልበስ ብረቱ ይበዛል፣ ክፍሉን ያጠባል፣ አዲሱና አሮጌው አብረው እንዲሠሩ ማድረግም ጥንቃቄው ከባድ ነው። መሐንዲሱም ዲዛይነሩም የመከሩት ማፍረስን ነው፣ እኔም በዚህ እስማማለሁ። አካባቢያችን ደግሞ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው ርዕደ መሬት ማጀቴን ምን እንዳደረጋት ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ። ደካማ ኮለን ለተራው ቀን ቢበቃ እንኳ ለዚያ ቀን አይበቃም።

አፈራረሱ ራሱ ሙያ ይጠይቃል። ከመሠረቱ የወጣው የኮለን ፌሮ መታጠፍም መቆረጥም የለበትም፣ አዲሱ ብረት የሚታሰረው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ የታችኛው ክፍል በትልቅ መዶሻ አይመታም፣ በመሮና በትንሽ መዶሻ ቀስ ተብሎ ይለቀማል። ያ ብረት ከተበላሸ መሠረቱን በስቶ በኬሚካል አዲስ ፌሮ መትከል ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ውድ ነው። ከዚያ የመሠረቱ ፊት ይሻከራል፣ ይታጠባል፣ አዲሱ ይሞላል።

ኮንትራክተሩ የተዋዋለው በእጅ ዋጋ ብቻ ነው። የማፍረሱንና የመሙላቱን ሥራ ያለ ክፍያ ሊሠራ ፈርሟል። አሸዋውን ያቀረበው ኮሚቴው ስለሆነ ዕቃው በእኛ በኩል ነው፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ስምንቱ ኮለኖች ባለ 30 በ40፣ ቁመታቸው 3 ሜትር ስለሆነ ሁሉም ተደምረው ሦስት ሜትር ኩብ እንኳ አይሞሉም። የሚያስፈልገን፣ ለሙከራና ለብክነት ትንሽ ጨምረን፣ 25 ከረጢት ሲሚንቶ፣ ባለ 16 ፌሮ 16 ቤርጋ፣ ለስታፋ ባለ 8 ፌሮ 20 ቤርጋ፣ አንድ መኪና ንጹሕ አሸዋ፣ ጠጠር፣ እና የላቦራቶሪ ክፍያ ነው። የላቦራቶሪውን አትናቁት፣ እስካሁን ያዳነን እሱ ነው።

በዓይነት መስጠት የምትችሉ በዓይነት ስጡ። ሱቅ ያላችሁ ፌሮና ሲሚንቶ፣ መኪና ያላችሁ ጭነት። እዚህ ያላችሁ ወጣቶች ለፍርስራሹ ማንሻ ጉልበት፣ እንደ ወንፈል ተራ እናወጣለን። ገንዘብ የምትልኩ ሂሳቡ በኮሚቴው ስም ነው፣ ሦስት ፈራሚ አለው፣ የሦስት ሱቅ ፕሮፎርማና ሙሉ ሪፖርቱን ለጠየቀ ሁሉ እንልካለን።

ሁለተኛ እንዳይደገም የተወሰነውንም እወቁልን። አሸዋ የጫነ መኪና ሳይራገፍ ይፈተሻል። በጠርሙስ አሸዋና ውሃ ተበጥብጦ ለጥቂት ሰዓት ይቀመጣል፣ ከላይ የሚተኛው የአፈር ንብርብር ይለካል፣ ወፍራም ከሆነ መኪናው ይመለሳል። ውሃ የሚጨመረው ምልክት በተደረገበት አንድ ባልዲ ብቻ ነው፣ ባልዲውን የሚይዘው ሰው ስሙ በመዝገብ ይጻፋል። ስላምፕ ሳይለካ ኮለን ውስጥ አይፈስም። ከኮለኖቹ በፊት በአዲሱ አሸዋ የሙከራ ኪዩብ ይወጣል፣ የ7 ቀኑ ውጤት ከ16 በታች ከሆነ መሙላት አይጀመርም። ሶሌታውም የአዲሶቹ ኮለኖች የ28 ቀን ውጤት እስኪመጣ አይሞላም።

የማፍረሱ ሥራ የሚጀመረው ሲሚንቶውና ፌሮው ግቢ ውስጥ ገብቶ ሲያልቅ ነው፣ ምክንያቱም የመሠረቱ ፌሮ ተገልጦ ዝናብ ላይ እንዲከርም አንፈልግም። ስለዚህ ቀኑን የሚወስነው የእናንተ ምላሽ ነው። ምን እንደምትችሉ ለኮሚቴው ጸሐፊ ወይም ለየቅሬያችሁ ዳኛ አሳውቁ፣ የሰጣችሁትን ማንኛውንም ነገር ደረሰኝ ተቀበሉበት።