ስለ አባባ ልለጥፍ ያሰብኩት ጽሑፍ

ይድረስ ለወንድሜ፤

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልደወልኩልህም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ፤ ምክንያቱን ስንገናኝ ቁጭ ብዬ እነግርሃለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ የአባትህን፣ የአባባን ዕረፍት ትናንት ማታ ስለሰማሁና፣ በፌስቡክ ገጼ ላይ ስለ እሳቸው ልለጥፍ ያዘጋጀሁትን ጽሑፍ ከአንተ በፊት ማንም እንዲያየው ስላልፈለግሁ ነው።

ከሁሉ አስቀድመህ አንድ ነገር ንገረኝ፤ ኩዌት ያለችው እህትህ መርዶ ተነግሯታል? የአጎቴ ልጅ የአባቷን ሞት ያወቀችው በሰው ቤት ሥራ ላይ ሳለች፣ አንድ የሩቅ ዘመድ የለጠፈውን ፎቶና ሻማ በስልኳ ስታይ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ በዕረፍት ቀኗ ማልደው ሄደው፣ ከመካከላቸው ትልቋ እንድትነግራት ተነጋግረን ጨርሰን ነበር። ስታለቅስ የሚይዛት ሰው አጠገቧ አልነበረም። ስለዚህ መርዶው መድረሱን ከአንተ አፍ ሳልሰማ አንዲት ቃል አልለጥፍም።

ወደ ጽሑፉ ልመለስ። መጀመሪያ የጻፍኩት «ቃላት አጠሩኝ፤ ሞት ለማንም አይቀርም፤ ደጉ አባታችን ተለዩን» የሚል ነበር። ደግሜ ሳነበው የአባባን ስም አውጥቼ የማንንም አባት ስም ባስገባበት ምንም እንደማይጎድለው አየሁ፤ ሁሉንም ሰረዝኩት። «ጠንክር» የሚለውንም አወጣሁ፤ የበኩር ልጅ ነህና በዚህ ሳምንት ድንኳኑ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ እንዲህ ሳይልህ አልቀረም፤ እኔ ደግሞ ማልቀስ ያለብህ ይመስለኛል። «ነፍስ ይማር»ን ግን አልነካሁትም፤ እሱ ጸሎት ነው፤ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አስቀመጥኩት። አሁን የቀረው ይህ ነው፦

«ጉለሌ ያደግን ልጆች ብዙዎቻችን የትምህርት ቤት ዩኒፎርማችንን ያሰፋነው እሳቸው ዘንድ ነው። ሱሪ ሲሰፉ እግሩ ላይ አራት ጣት የሚያህል ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፈው ይተዉ ነበር፤ ‹ልጅ ያድጋል› ይሉ ነበር። በዓመቱ ስንመለስ ስፌቱን በምላጭ ፈትተው ያወርዱልናል፤ ሌላው ጨርቅ በእጥበት ነጥቶ ሳለ ከታች አዲስ የሚመስል ሰማያዊ ቀለበት ይወጣል። በዚያ ቀለበት ስንት ጣት እንዳደግን እንለካካ ነበር። ነፍስ ይማር።»

ከዚህ በታች የለቅሶውን ቤት አድራሻ አክላለሁ። ስለ ሕመማቸው ምንም አልጻፍኩም፤ ጠያቂው እንደሚበዛ አውቃለሁ፤ ምን ያህሉ መነገር እንዳለበት የሚወስነው ቤተሰቡ ነው። ፎቶም ቢሆን ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ከስፌት መኪናቸው ጋር የተነሡትን ካገኘህ ላክልኝ፤ እኔ ያለኝ የምርቃቴ ቀን አቅፈውኝ የተነሣሁት ስለሆነ ሐዘኑን የእኔ ያስመስለዋል። አንተ ግን በዚያ ቀለበት ሁልጊዜ በአንድ ጣት ትበልጠኝ ነበር፤ አባባ ለልጃቸው ያዳላሉ ብዬ ያኮረፍኩበትን ቀን መቼም አትረሳውም።

አንድ ነገር ግን ጽፌ አወጣሁት፤ ለአንተ ብቻ ልንገርህ፤ ሰምተኸውም እንደሆነ አላውቅም። አባቴ ባረፈበት ዓመት እናቴ ሁለት ሱሪና አንድ ሸሚዝ ልታሰፋልኝ ወስዳኝ ነበር። የእጅ ዋጋውን ስትዘረጋላቸው አባባ ቀና ብለው እንኳ አላዩም፤ በጠመኔ ጨርቁ ላይ ማስመራቸውን ሳያቋርጡ «ሲያድግ ራሱ ይከፍለኛል» አሏት። በዓመቱም እንደዚያው ሆነ፤ ስምንተኛን እስክጨርስ ድረስ። ጽሑፉ ውስጥ ሳስገባው ከሁሉ የሚበልጠው ዐረፍተ ነገር እሱ ሆኖ ነበር፤ ነገር ግን እሳቸው በሕይወት ሳሉ ለማንም ያላወሩትን፣ ምናልባትም ከአንተ የደበቁትን፣ ሞተው ሳለ አደባባይ ማውጣት የእኔ ድርሻ ሆኖ አልታየኝም። እናንተ ይነገር ካላችሁ እመልሰዋለሁ፤ ይቅር ካላችሁም ከዚህ ደብዳቤ አያልፍም። ሥራ ከያዝኩ በኋላ ስንት ጊዜ በሱቃቸው በር አልፌ፣ ያን ዕዳ እንዴት ብዬ እንደማነሣው ጨንቆኝ ሰላምታ ብቻ ሰጥቼ ሄጃለሁ። ይህን ለአንተ ካልሆነ ለማን እናገረዋለሁ?

ቅዳሜ ጠዋት ከባሕር ዳር ተነሥቼ ማታ እናንተ ቤት እደርሳለሁ፤ እሑድንም አድራለሁ። ለአርባው የሚያስፈልገውን ጤፍ እኔ ከዚህ ይዤ እመጣለሁ፤ እናትህን ጠይቀህ ስንት ኪሎ እንደሚበቃ ብቻ ንገረኝ። ለደብዳቤው መልስ መጻፍ የለብህም። ስለ እህትህ «ተነግሯታል» ወይም «ገና ነው» የሚል አንድ ቃል ይበቃኛል፤ እስከዚያ ጽሑፉ ስልኬ ውስጥ ይቆያል።

ወንድምህ