ለነገው ራውንድ፦ የዳሌ ስብራት ታካሚያችን ሪፖርት

ውድ የቡድናችን አባላት፣ ነገ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በአጥንት ሕክምና ክፍል ስለ እማማ ሪፖርት የምናቀርበው እኛ ነን። መክፈቻው ይህ ይሁን፦

«የ72 ዓመት እናት ናቸው። ትናንት ማታ ቤታቸው ወድቀው በቀኝ እግራቸው መቆም አቅቷቸው መጡ። ቀደም ሲል ያለ ምርኩዝ ገበያ ይሄዱ ነበር። እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ዞሯል፤ የደም ሥር ትርታው ይዳሰሳል፣ ጣቶቻቸውንም ያንቀሳቅሳሉ። ራጁ ቦታውን የለቀቀ የጭን አጥንት አንገት ስብራት ያሳያል።»

እባካችሁ ስብራቱን ብቻ ተናግረን እንዳናልፍ፤ ለምን ወደቁ የሚለው መመለስ አለበት። እማማ «ምንጣፉ አደናቀፈኝ» ብለውኛል፤ ልጃቸው ግን ከመውደቃቸው በፊት ዓይናቸው እንደጨለመባቸው ነገረችኝ። ሁለቱንም እንናገር፤ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ የሄሞግሎቢንና የስኳር ውጤት እንዲሁም የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ዝርዝር የሚያስፈልጉን ለዚህ ነው።

በዕቅዱ ላይ ሕመም ማስታገሻ ይቅደም። ቀጥሎ ቀዶ ሕክምናው ለምን መዘግየት እንደሌለበት፣ ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም ሊቋረጥ ስለሚችልም በዚህ ዕድሜ ከመጠገን ይልቅ መተካት እንደሚመረጥ እንግለጽ።

ራጁንና ውጤቶቹን ማን ያመጣል? ዛሬ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት መልሱልኝ።