የኮምፒውተር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባት ዜሮዎች

በዚህ ዓመት የኮምፒውተር ክበብ ምን ሠራ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያዎች ላይ ይነበባል። ቀድሞ «መጽ-7» ይባል የነበረው መጽሐፍ ዛሬ «መጽ-0007» ነው። «መጽ-417» ደግሞ «መጽ-0417» ሆኗል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ዓመቱን ሙሉ ዜሮ ስትለጥፉ ከረማችሁ ብለውኛል። እውነት ነው፣ ለጥፈናል። ለምን እንደለጠፍን ግን በዝርዝር ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ልጆቹ ለዚህ ሥራ የሰጡት ቅዳሜ ያለ ማብራሪያ ሊቀር አይገባውም።

ክበቡ 31 አባላት አሉት። ዘወትር ረቡዕ ከትምህርት በኋላ እንሰበሰባለን። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በምርጫ፣ በመዋጮና በቦታ ድልድል አለፉ። ሦስት ኮምፒውተሮች ስላሉን ተማሪዎቹ በየተራ ይቀመጣሉ። ሥራው የተጀመረው በኅዳር የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የመጻሕፍቱን መዝገብ በኮምፒውተር እንድናስገባላቸው በጠየቁን ጊዜ ነው። መጻሕፍቱ 2,346 ናቸው። እያንዳንዱ «መጽ» ከሚለው አህጽሮት ቀጥሎ ቁጥር አለው። ልጆቹ ለሦስት ሳምንት ያህል እየተፈራረቁ ጻፉ፤ ከዚያም ዝርዝሩን በመለያ ቁጥሩ ደርድር ብለን ኤክሴልን አዘዝነው።

የመጣው ዝርዝር ሁላችንንም አስደነገጠን። ከመጽ-1 ቀጥሎ የመጣው መጽ-10 ነበር፤ ከዚያ መጽ-100፣ ከዚያ መጽ-1000፣ ከዚያ መጽ-1001። መጽ-2 የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በአንድ ዓምድ ውስጥ ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ኤክሴል መጠኑን ያወዳድርና 2ን ከ10 ያስቀድም ነበር። ከቁጥሩ ፊት ፊደል ሲኖር ግን ሁሉንም እንደ ጽሑፍ ይወስደዋል። ጽሑፍን ደግሞ እንደ መዝገበ ቃላት ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ ያወዳድራል። «በላ» የሚለው ቃል ረዘመም አጠረም ከ«ተኛ» እንደሚቀድም ሁሉ፣ በ1 የሚጀምር ማንኛውም ቁጥር በ2 ከሚጀምረው ይቀድማል። ስለዚህ መጽ-1999 ከመጽ-2 በፊት ይመጣል። ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የእኛ አጻጻፍ ነው።

እዚህ ላይ የዓመቱን ትልቅ ጊዜዬን ልናገር። መጽ-2 ስንተኛ ላይ ሊገኝ እንደሚችል ገምቱ አልኩ። ልጆቹ ሃያ፣ መቶ፣ አምስት መቶ እያሉ ጮኹ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ከመስከረም ጀምሮ በክበቡ ውስጥ ድምፅዋን ያልሰማሁት፣ ጠመኔ ጠየቀችኝ። ሰሌዳው ላይ ወጥታ ከመጽ-2 የሚቀድሙት በ1 የሚጀምሩት ሁሉ ናቸው አለች። ከዚያ አንዱን ከሌላው በታች ጻፈች፦ ባለ አንድ አሐዝ 1፣ ከ10 እስከ 19 ያሉት 10፣ ከ100 እስከ 199 ያሉት 100፣ ከ1000 እስከ 1999 ያሉት 1,000። ድምር 1,111። «ስለዚህ መጽ-2 አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለተኛው መጽሐፍ ነው፣ መምህር» አለች።

ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ወደ ታች ወረደና መጽ-2ን አገኘው። በግራ በኩል ያለው የረድፍ ቁጥር 1113 ይላል። ከኋላ «ተሳስታለች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ልጅቷ ወደ መቀመጫዋ ልትመለስ ነው ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ጥቂት አየችና «የመጀመሪያው ረድፍ እኮ መጽሐፍ አይደለም፣ ርዕስ ነው» አለች። ትክክል ነበረች። ክፍሉ ዝም አለ፤ ከዚያ አጨበጨበ። አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ አንድ ተማሪ የማሽንን መልስ በጠመኔ ቀድሞ ሲያገኝ፣ ከዚያም ልዩነቱን ራሱ ሲያስረዳ ያየሁት ያን ቀን ነው።

መፍትሔው ቁጥሮቹን ሁሉ እኩል ርዝመት ማድረግ ነው። 2ን 0002 ብለን ስንጽፈው የመጀመሪያው አሐዝ የሺህ ቤት፣ ሁለተኛው የመቶ ቤት ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ ከግራ ሲያወዳድር ሺህን ከሺህ፣ መቶን ከመቶ ጋር ያገናኛል። ያኔ የፊደል ቅደም ተከተሉና የቁጥር ቅደም ተከተሉ አንድ ይሆናሉ። ቁጥሩን በአንድ ዓምድ ለብቻው አስቀምጠን በሌላው ዓምድ በአራት አሐዝ የሚጽፈውን ይህን ቀመር ጻፍን፦

```
="መጽ-"&TEXT(A2,"0000")
```

በኮምፒውተር ያለው በአንድ ከሰዓት አለቀ። ርዝመቱን ለመወሰን ግን ሁለት ረቡዕ ተከራክረናል። አንዳንዶቹ ለወደፊቱ እንዲበቃ ስድስት አሐዝ ይሁን አሉ። ሌሎቹ 000417 ተብሎ የተጻፈን ቁጥር ሲገለብጡ አንድ ዜሮ መዝለል ወይም መጨመር ቀላል እንደሆነ፣ ቀጭን መጽሐፍ ጀርባ ላይም እንደማይበቃ በወረቀት ሞክረው አሳዩ። አራት አሐዝ እስከ 9,999 ይወስደናል። በዓመት የምናገኘው መጽሐፍ ከመቶ ብዙም ስለማይበልጥ ለልጅ ለልጅ ልጅ ይበቃል። አምስተኛ አሐዝ የሚያስፈልግበት ቀን ከመጣ ግን መጽ-10000 በመጽ-1000 እና በመጽ-1001 መካከል ይሰነቀራል፤ ያን ቀን ሁሉም መለያ መቀየር አለበት። ስለዚህ ርዝመትን ከመጀመሪያው አስቦ መቁረጥ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ መጻሕፍቱ ራሳቸው መጡ። ከ1000 ጀምሮ ያሉት 1,347 መጻሕፍት ምንም አያስፈልጋቸውም። እስከ 999 ላሉት ግን ዘጠኙ ሦስት ሦስት ዜሮ፣ ዘጠናው ሁለት ሁለት፣ ዘጠኝ መቶው አንድ አንድ ይፈልጋሉ። በጠቅላላው 1,107 ዜሮ። ልጆቹ በአምስት ቅዳሜ በእጃቸው ጻፉት። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ከመደርደሩ ሌላ ጥቅም ያሳዩን በዚያን ጊዜ ነው። መለያው ጫፉ የተቀደደ አንድ መጽሐፍ አንሥተው «ልጆቼ፣ ይኼ መጽ-41 ነው የሚለው። አርባ አንድ ይሁን አራት መቶ አሥራ ሰባት በምን ልወቅ?» አሉ። አራት አሐዝ መሆን እንዳለበት ከታወቀ ግን «መጽ-041» የሚለውን ያየ ሰው አንድ አሐዝ እንደጎደለ ወዲያው ያውቃል።

አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መደርደሪያ ለምን በግእዝ ቁጥር አንጠቀምም ሲል ጠየቀ። በጥሩ ልብ የቀረበ ጥያቄ ስለሆነ አንድ ስብሰባ ሰጠነው። ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ምልክት መለያ ቁጥር አለው፤ በዩኒኮድ ከ፩ እስከ ፱፣ ቀጥሎ ከ፲ እስከ ፺፣ ቀጥሎ ፻ ተከታትለው ተቀምጠዋል። በዚያ መለያ ቅደም ተከተል ስንደረድራቸው ከ፩ እስከ ፻፺፱ ያለ አንዳች ማሟያ ተስተካክለው ቆሙ! ልጆቹ በጣም ደስ አላቸው። ፪፻ ላይ ስንደርስ ግን ተበላሸ፤ በ፪ ስለሚጀምር ከ፪ ቀጥሎ፣ ከ፫ በፊት ገባ። እዚያ ላይ ዜሮ እንጨምር ቢባል የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። ፻ በአንድ ምልክት ይጻፋል፣ ፺፱ በሁለት፤ የምልክቱ ብዛት የቁጥሩን ትልቅነት አይከተልም። የመደርደሪያው መጻሕፍት ከ200 በላይ ስለሆኑ ሐሳቡን ተውነው። ተማሪው ግን የ፻፺፱ን ወሰን ራሱ ስላገኘው ስሙ በክበቡ መዝገብ ሰፍሯል።

አንድ ውድቀታችንንም መናገር አለብኝ። በየካቲት የውሰት መዝገቡን የሚጽፉት ልጆች ለፍጥነት «መጽ-» የሚለውን ትተው 0417 ብቻ መጻፍ ጀመሩ። ፊደሉ ሲቀር ኤክሴል ቁጥር ነው ብሎ ዜሮውን ጥሎ 417 አደረገው። ሌላ ዓምድ «መጽ-»ን መልሶ ይቀጥልበት ስለነበር «መጽ-417» ተባለ፤ በዋናው መዝገብ ግን እንዲህ ያለ መጽሐፍ የለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልጠፉ መጻሕፍት ጠፉ ተባሉ። ፍንጩን የሰጠን ከ1000 በላይ ያሉት በሙሉ በትክክል መገኘታቸው ነው፤ የጠፉት ሁሉ ከ1000 በታች ነበሩ። በዓይንም ይታይ ነበር፤ ኤክሴል ቁጥርን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ አስጠግቶ ያሳያል፤ የእኛ ዓምድ ደግሞ ቀኙን ይዞ ነበር።

ያዳነን ርዝመቱ አራት መሆኑ አስቀድሞ መወሰኑ ነው። የወደቀው ዜሮ ስንት እንደሆነ ስለሚታወቅ ከላይ ያለው ቀመር ሁሉንም መለሳቸው። የወላጆችን ስልክ የያዘው ዝርዝራችንም በተመሳሳይ መንገድ ከ09 ወደ 9 ወርዶ ነበር፤ ስልኩ አሥር አሐዝ ስለሆነ እሱም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ደንባችን ግልጽ ነው፦ ከመጻፍ በፊት ዓምዱን Text እናደርገዋለን። ከሌላ ኮምፒውተር የመጣ የ.csv ፋይልንም ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገን አንከፍትም። ዜሮዎቹ በፋይሉ ውስጥ ቢኖሩም ኤክሴል ሲከፍተው ይጥላቸዋል፤ በዚያው ካስቀመጥነው ለዘለቄታው ይጠፋሉ። ከ Data ዝርዝር ገብተን ዓምዱ ጽሑፍ መሆኑን ነግረን እናስገባዋለን።

በሚያዝያና በግንቦት ስብሰባዎቹ ቀጥለዋል፤ ፈተና ሲቃረብ አባላቱ ቀነሱ። መብራት በጠፋ ቁጥር የጀመርነውን ደግመን ጽፈናል። ከሦስቱ ኮምፒውተሮች አንዱ ከጥር ጀምሮ አይነሣም፤ ጥገናው እስከ አሁን አልተፈቀደም። ለሌሎች ክበባት ማሊያና ኳስ ሲገዛ ደስ ብሎናል፤ ለእኛ ግን ዓመቱን ሙሉ የተገዛልን አንድ ጥቅልል ማጣበቂያ ነው፣ እርሱንም ግማሹን ልጆቹ ከኪሳቸው አዋጥተዋል።

በመጪው ዓመት የቤተ ሙከራውን ዕቃዎችና የክፍል ወንበሮችን ቁጥር መስጠት እንፈልጋለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። በእጅ የተጻፉት 1,107 ዜሮዎች በተራ ብዕር የተጻፉ ናቸው፤ ብዙ የሚነኩት የመማሪያ መጻሕፍት ላይ ከወዲሁ እየለቀቁ ነው። ለ999 መጻሕፍት የሚበቃ የታተመ መለያ ወረቀትና ግልጽ ማጣበቂያ ያስፈልገናል። የጥያቄ ደብዳቤው ከግንቦት ጀምሮ አስተዳደር ቢሮ ይገኛል። ሊረዱ የሚፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ረቡዕ ከሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ ያገኙናል።